የደመወዝና የጥቅማ ጥቅም ቃላት ዝርዝር ከክፍያው ይጀምራል

ጥያቄ፦ «በአንድ የግል ድርጅት የሰው ሀብት ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። ደብዳቤ ስንጽፍ አንዳችን ‹ደመወዝ›፣ ሌላችን ‹ጥቅል ደመወዝ›፣ ሌላው ‹ክፍያ› እንላለን፤ ለሠራተኛው የሚሰጠው የክፍያ ወረቀት ደግሞ በእንግሊዝኛ ነው። ከኢንተርኔት ወደ 300 የሚጠጉ የእንግሊዝኛ ቃላት ሰብስቤ ወደ አማርኛ መተርጎም ጀምሬያለሁ። የትኛውን መዝገበ ቃላት ብጠቀም ይሻላል? ሁላችንም አንድ ዓይነት ቃል እንድንጠቀም ምን ላድርግ?»

ትርጉሙን ያቁሙ። እነዚያ 300 ቃላት የተዘጋጁት ለሌላ አገር ሕግ ነው። የአሜሪካ የጡረታ ቁጠባና የብሪታንያ የብሔራዊ መድን መዋጮ ይኖሩባቸዋል፤ እርስዎ በየወሩ የሚቀንሱት የዩኒቨርሲቲ ወጪ መጋራትና የሠራተኛ ማኅበር መዋጮ፣ የሚከፍሉትም የበረሃ አበል ግን አይገኙባቸውም። ግማሹን ፈጽሞ ለማይጠቀሙበት ነገር አማርኛ እየፈለጉ ይደክማሉ፤ በሥራዎ ላይ ችግር የሚፈጥሩት ቃላት ደግሞ ሳይነኩ ይቀራሉ።

መዝገበ ቃላትም ቢሆን አያወጣዎትም። «ኮምፔንሴሽን» የሚለውን ቃል ቢፈልጉ «ካሳ» ይልዎታል። በሰው ሀብት ሥራ ግን ቃሉ በአብዛኛው ደመወዝን፣ አበልንና ቦነስን በአንድ ላይ የሚጠራ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ሕጋችን «ካሳ» የሚባለው ከሕግ ውጭ ለተሰናበተ ወይም በሥራ ላይ ጉዳት ለደረሰበት ሠራተኛ የሚከፈለው ነው። ስለዚህ በቅጥር ደብዳቤ ላይ «የካሳ ፓኬጅ» ተብሎ የተጻፈው ሠራተኛው ዳኛ ፊት ቆሞ ከሚጠይቀው ነገር ጋር ስሙ አንድ ሆነ ማለት ነው። ስህተቱ የመጣው ቃሉን ከክፍያው ነጥሎ በመተርጎም ነው።

ስለዚህ ከእንግሊዝኛ ዝርዝር ሳይሆን ከራስዎ የደመወዝ መክፈያ ሠንጠረዥ ይነሱ። ያለፉትን ሦስት ወራት ሠንጠረዦች ያውጡና እያንዳንዱን ዓምድ አንድ በአንድ ይጻፉ። ከዚያ በዓመቱ ውስጥ ከወጡት የቅጥር፣ የዝውውር፣ የደመወዝ ጭማሪና የስንብት ደብዳቤዎች ጥቂቱን አንብበው ገንዘብን ወይም ቀንን የሚነካ ቃል ሁሉ ይጨምሩበት። በአንድ መካከለኛ ድርጅት ይህ ከ40 እስከ 60 የሚደርሱ ነገሮች ይወጡታል። የእርስዎ መዝገብ መጠን ይህ ነው።

ለእያንዳንዱ ነገር አማርኛውን የሚወስዱት ከነጋሪት ጋዜጣ ነው፤ ለዚህ ጠንካራ ምክንያት አለ። የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣን ባቋቋመው አዋጅ ቁጥር 3/1987 መሠረት ሕጎች በአማርኛና በእንግሊዝኛ ይታተማሉ፤ ሁለቱ ሲለያዩ የሚጸናው አማርኛው ነው። የውጭ አማካሪ ያረቀቀላችሁ መመሪያ የቱንም ያህል ቆንጆ እንግሊዝኛ ቢኖረው ክርክር ሲነሳ የሚነበበው የጋዜጣው የግራ ዓምድ፣ ማለትም አማርኛው ነው። አራት ሕጎችን ከፊትዎ ያስቀምጡ፦ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 1268/2014፣ የፌዴራል ገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 እና ይህንኑ ያሻሻለውን አዋጅ ቁጥር 1395/2017። እንግሊዝኛውንም ከእነዚሁ የቀኝ ዓምድ ይውሰዱ፤ ከዚያ ሕጉ የማያውቃቸውን የድርጅቱን ክፍያዎች ብቻ ራስዎ ይሰይማሉ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። እርስዎ ችግሩን ያዩት አንድ ነገር በሦስት ስም መጠራቱ ላይ ነው። የባሰው ግን ሦስት የተለያዩ ነገሮች «ደመወዝ» በሚል አንድ ስም መጠራታቸው ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ በአንቀጽ 53 ደመወዝ የሚለው ሠራተኛው በውሉ መሠረት ለሠራው ሥራ የሚያገኘውን መደበኛ ክፍያ ነው። ቀጥሎም ደመወዝ ያልሆኑትን ይዘረዝራል፦ የትርፍ ሰዓት ክፍያ፣ የውሎ አበል፣ የበረሃ አበል፣ የመጓጓዣ አበል፣ የመዛወሪያ ወጪ፣ ቦነስ፣ ኮሚሽን፣ ለተጨማሪ ውጤት የሚሰጥ ማትጊያና ከደንበኞች የሚሰበሰብ የአገልግሎት ክፍያ። የጡረታ ሕጉ ደመወዝ የሚለው ግብርም ሆነ ሌላ ተቀናሽ ሳይነሳለት ለመደበኛ የሥራ ሰዓት የሚከፈለውን የወር ደመወዝ ነው። የገቢ ግብር ሕጉ ደግሞ ሰፋ አድርጎ «ከመቀጠር የሚገኝ ገቢ» ይላል፤ በውስጡ ደመወዙም፣ አበሉም፣ ቦነሱም አሉ፤ ነፃ የተደረጉት ብቻ ይወጣሉ።

ይህ በአንድ ሰው ክፍያ ላይ ምን እንደሚያደርግ እንየው። አንዲት ሠራተኛ 12,000 ብር መነሻ ደመወዝ፣ 3,000 ብር የቤት አበልና 1,000 ብር የኃላፊነት አበል አላት እንበል። ሁለቱም አበሎች ግብር ይከፈልባቸዋል። የጡረታ መዋጮዋ የሚሰላው በ12,000 ላይ ነው፤ 7 በመቶው 840 ብር ሲሆን አሠሪው በበኩሉ 11 በመቶ፣ ማለትም 1,320 ብር ይከፍላል። ግብሩ የሚሰላው ግን በ16,000 ላይ ነው። በ2017ቱ ማሻሻያ ከ14,000 ብር በላይ ያለው ገቢ በ35 በመቶ ስለሚያዝ 16,000ን በ35 በመቶ አባዝተን 2,050 ስንቀንስ 3,550 ብር ይመጣል። እጇ ላይ የሚደርሰው 11,610 ብር ነው።

አሁን መመሪያችሁ «ጡረታና ግብር ከደመወዝ ይቀነሳል» ብቻ ይበል። አዲስ የተቀጠረ የሒሳብ ሠራተኛ ደመወዝ ማለት 16,000 ነው ብሎ ቢያስብ ጡረታው 1,120 ብር ይሆናል፤ ከሠራተኛዋ 280፣ ከድርጅቱ 440 ብር በየወሩ ያለአግባብ ይወጣል። ሌላው ደመወዝ ማለት 12,000 ነው ብሎ ግብሩን ቢያሰላ 2,250 ብር ያገኛል፤ በየወሩ 1,300 ብር ግብር ሳይከፈል ይቀርና በኦዲት ጊዜ ከቅጣትና ከወለድ ጋር ይመጣል። ሁለቱም ሰዎች መመሪያውን አንብበዋል፤ ሁለቱም አማርኛ በደንብ ያውቃሉ።

ልዩነቱ በስንብት ጊዜ ይበልጥ ይጎላል። ይህችው ሠራተኛ 7 ዓመት አገልግላ፣ ከሠራተኛ ቅነሳ ውጭ በሆነ ምክንያት ለቅቃ የስንብት ክፍያ ይገባታል እንበል። ሕጉ ለመጀመሪያው ዓመት የመጨረሻው ሳምንት አማካይ የቀን ደመወዝ በ30 ተባዝቶ እንዲከፈል፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት ደግሞ የዚያ አንድ ሦስተኛ እንዲታከል ያዛል፤ ጠቅላላው ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም። በ12,000 ሲሰላ 36,000 ብር ነው። በ16,000 ሲሰላ 48,000 ብር። በአንድ ቃል ምክንያት የ12,000 ብር ጠብ ማለት ነው።

እዚህ ላይ መዝገቡ የማይሻገረው ወሰን አለ። አንቀጽ 53 የሚያወጣቸው ክፍያዎች ውስጥ የቤት አበልና የኃላፊነት አበል በስም አልተጠቀሱም። በየወሩ ያለማቋረጥ የሚከፈል የቤት አበል ለስንብት ስሌት ደመወዝ ውስጥ ይገባል ወይስ አይገባም የሚለውን የሰው ሀብት ክፍል ተሰብስቦ በድምፅ የሚወስነው አይደለም። የሕግ ባለሙያችሁ አቋሙን በጽሑፍ ይስጥ፤ እናንተ ያንን አቋም ከቀኑ ጋር በመዝገቡ ላይ ታሰፍራላችሁ።

ስለዚህ እርቃኑን «ደመወዝ» የሚለውን ቃል ገንዘብ በሚሰላበት ሰነድ ሁሉ እንድትከለክሉ እመክራለሁ። በምትኩ አራት ስሞች ይኑሩ። በክፍያ ወረቀቱ ላይ `Basic Salary` የሚለው «መነሻ ደመወዝ» ይሁን። `Gross Pay` የሚለውን «ጠቅላላ ክፍያ» በሉት፤ «ጥቅል ደመወዝ» አትበሉት፣ ምክንያቱም ደመወዝ የሚለው ቃል ከገባ ግራ መጋባቱ ተመልሶ ይመጣል። `Taxable Income` «ግብር የሚከፈልበት ገቢ» ነው፤ ነፃ የሆነ አበል ያለበት ሠራተኛ ዘንድ ከጠቅላላ ክፍያው እንደሚያንስ በፍቺው ላይ ይጻፍ። `Net Pay` «የተጣራ ተከፋይ» ነው። የሕጉን አንቀጽ በቀጥታ የሚጠቅስ የስንብት ደብዳቤ ሲሆን ደግሞ «በአንቀጽ 53 መሠረት ደመወዝ» ብላችሁ ሙሉውን ጻፉ። ይረዝማል፣ ግን ስሌቱን የሚሠራ ሰው አይሳሳትበትም።

እያንዳንዱ መግቢያ በአንድ ረድፍ ይቀመጥ። መጀመሪያ የማይለወጥ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ስሙ ነገ ቢለወጥ ወይም በኦሮሚያ ላሉ ቅርንጫፎቻችሁ የአፋን ኦሮሞ ዓምድ ቢጨመር ነገሩን የሚያያይዘው ቁጥሩ ነው። ከዚያ የተመረጠው አማርኛ፣ የተመረጠው እንግሊዝኛ፣ የአንድ ዓረፍተ ነገር ፍቺ፣ የሕጉ አንቀጽ ወይም የድርጅቱ መመሪያ ቁጥር፣ በሶፍትዌሩ ላይ ያለው የዓምድ ስም፣ የማይፈቀዱ አጠራሮች፣ የጸደቀበት ቀን። ብዙዎች ሁለቱን ቃላት ጎን ለጎን አስቀምጠው ይጨርሳሉ። ከሁሉም የሚጠቅመው ግን ፍቺው ነው፤ ጥሩ ፍቺ ምን እንደሚገባና ምን እንደማይገባ ይናገራል። ለምሳሌ የመነሻ ደመወዝ ፍቺ «በቅጥር ውል ላይ ለመደበኛ የሥራ ሰዓት የተወሰነ የወር ክፍያ፤ ማንኛውም አበል፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያና ቦነስ አይጨምርም፤ የጡረታ መዋጮ የሚሰላው በዚህ ላይ ነው» ቢል ከላይ ያየነው የ280 ብር ስህተት አይፈጠርም ነበር።

ሁለተኛው አደገኛ ቃል «አበል» ነው። የቤት አበል፣ የውሎ አበልና የጡረታ አበል በጠባያቸው አይገናኙም። የመጀመሪያው በየወሩ ከደመወዝ ጋር የሚመጣ ነው፤ ሁለተኛው ሠራተኛው ለሥራ ከመደበኛ ቦታው ሲወጣ የሚከፈል ነው፤ ሦስተኛው ሠራተኛው ከሥራ ከወጣ በኋላ የሚከፍለው የጡረታ ፈንዱ ነው። «አበሉ ይቋረጣል» የሚል ደብዳቤ ጡረታ ሊወጡ ለተቃረቡ አንድ አባት ቢደርሳቸው የትኛውን እንደሚያስቡ መገመት አያዳግትም። ስለዚህ አበል ብቻውን አይቆምም፤ ሁልጊዜ የሚገልጸው ቃል ከፊቱ ይኑር።

ከሥራ መውጣትን የሚመለከቱት ክፍያዎችም እንዲሁ ተለይተው ይቀመጡ፦ የስንብት ክፍያ፣ ካሳ፣ ለማስጠንቀቂያ ጊዜ የሚከፈል ገንዘብ፣ ያልተወሰደ የዓመት ፈቃድ በገንዘብ ተለውጦ ሲከፈል፣ እና በጡረታ ሕጉ ለጡረታ አበል የሚያበቃ አገልግሎት ያልሞላው ሰው በአንድ ጊዜ የሚያገኘው ዳረጎት። አምስቱም በንግግር «ቤኔፊት» ወይም «መብቱ» ተብለው ሲጠቃለሉ ይሰማል። የመጨረሻውን ድርጅቱ አይከፍለውም፤ ሌሎቹን ድርጅቱ ሲከፍል እያንዳንዱ የራሱ ምክንያትና የራሱ ስሌት አለው። «የስንብት መብትዎ ተከፍሏል» የሚል ደብዳቤ ላይ ፈርሞ ከወጣ ሠራተኛ ጋር በኋላ ካሳን ያካትታል ወይስ አያካትትም እያሉ መከራከር የሚመጣው ከዚህ ነው።

ቀን የሚቆጥሩ ቃላትን እንደ ገንዘብ ቁጠሯቸው። የዓመት ፈቃድ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀናት ነው፤ በየሁለት ዓመቱ አንድ የሥራ ቀን ይጨመርበታል። መመሪያው «16 ቀን» ብቻ ካለ እሑድን የሚቆጥርና የማይቆጥር የፈቃድ ጸሐፊ ይኖራችኋል። «ወር» የሚለውም ፍቺ ይፈልጋል፤ የክፍያ ወሩ እንደ ሐምሌና ነሐሴ ነው ወይስ እንደ ጁላይና ኦገስት፣ የጳጉሜን ቀናትስ በየትኛው ወር ክፍያ ውስጥ ይገባሉ? ሐምሌ 1 ከጁላይ 8 ጋር ስለሚገጥም በወሩ አጋማሽ በተቀጠረ ሰው የመጀመሪያ ክፍያ ላይ ልዩነቱ ወዲያው ይታያል።

የፊደል አጻጻፍን ቀላል አድርጋችሁ አትዩት። «ሠራተኛ» እና «ሰራተኛ» ለአንባቢ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒዩተር ግን የተለያዩ ፊደላት ናቸው፣ አንዱን ስትፈልጉ ሌላው አይወጣም። «ደመወዝ»፣ «ደሞዝ» እና «ደምወዝ» በአንድ ፋይል ውስጥ ተቀላቅለው ካሉ ያረማችሁት ሲሶውን ብቻ ሊሆን ይችላል። የነጋሪት ጋዜጣውን አጻጻፍ፣ ማለትም «ሠራተኛ» እና «ደመወዝ» የሚሉትን ተከተሉ፤ ሌሎቹን አጻጻፎች «የማይፈቀዱ» በሚለው ዓምድ አስገቡ። የደብዳቤዎቻችሁ ናሙና ጽሑፎች በኤክሴል ዓምድ ላይ ካሉ ይህ ቀመር ያልተፈቀደው አጻጻፍ በስንት ሴሎች ውስጥ እንዳለ ይነግራችኋል፦

```
=SUMPRODUCT(--ISNUMBER(FIND("ሰራተኛ",A2:A500)))
```

ዜሮ እስኪሆን ድረስ ናሙናዎቹ አልጸዱም ማለት ነው።

ሦስት ነገሮች ላይ ተጠንቀቁ። አንደኛ፣ «ሠራተኛ» የሚለው ራሱ ወሰን አለው። አዋጅ 1156 የሥራ መሪዎችን አያቅፍም፤ የእነሱ ውል የሚገዛው በፍትሐ ብሔር ሕጉ ነው። የስንብት ክፍያን «ለማንኛውም ሠራተኛ የሚከፈል» ብላችሁ ከፈታችሁ ለሥራ አስኪያጆቻችሁ በሕግ ያልተደነገገ ግዴታ በራሳችሁ ላይ ልታመጡ ትችላላችሁ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሆናችሁ ደግሞ የሲቪል ሰርቪሱ ሕግና የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ናቸው የሚገዟችሁ፤ እዚህ የጠቀስኳቸውን አንቀጾች አትገልብጡ።

ሁለተኛ፣ መዝገቡ የቆዩ ውሎችን አይለውጥም። በ2010 የተፈረመ ውል «ጥቅል ደመወዝ» ካለ ያ ቃል ከተዋዋዮቹ ስምምነት ጋር ይኖራል። ስሙን አስተካከልን ብላችሁ አዲስ ውል አስፈርማችሁ በዚያው የሠራተኛውን ጥቅም ከቀነሳችሁ የቃል እርማት መሆኑ ቀርቶ የውል ማሻሻያ ሆኗል። ለቆዩ ውሎች «ቀድሞ የተጠቀምንበት ስም» የሚል ዓምድ ጨምሩና በድሮው ስም ስር የትኛው ክፍያ እንደነበረ ብቻ መዝግቡ።

ሦስተኛ፣ በሕዝብ ዘንድ የገባን የውጭ ቃል ለማባረር አትድከሙ። ቦነስና ኮሚሽን በአዋጁ በራሱ ተጽፈዋል። ሠራተኛው «ፔሮል» እያለ ሲጠራው የኖረውን በንግግር «የደመወዝ መክፈያ ዝርዝር» እንዲል ማስገደድ አይጠበቅባችሁም፤ በተጻፈ ሰነድ ላይ አንድ ስም መኖሩ ይበቃል።

መዝገቡ መሥራቱን የምታውቁት በአንድ ፈተና ነው። የአንድ እውነተኛ ሠራተኛን ፋይል ስሙን ሸፍናችሁ ለሁለት ባልደረቦች ለየብቻ ስጡ፤ አንዱ ከሒሳብ፣ ሌላው ከሰው ሀብት ይሁኑ። መዝገቡን ብቻ እያዩ የወሩን የተጣራ ተከፋይና የስንብት ክፍያውን ያስሉ። ሳንቲሙ ሳይቀር ከተገናኙ ፍቺዎቹ ይሠራሉ። ከተለያዩ ማን ተሳሳተ ብላችሁ አትጠይቁ፤ የትኛውን ቃል በምን ዓይነት እንደተረዱት ጠይቁና ያንን ረድፍ እንደገና ጻፉ። ከስብሰባ ክርክር ይልቅ ይህ ፈተና ደካማውን ፍቺ ቶሎ ያጋልጣል።

የእኔ ምክር እንግዲህ ይህ ነው። ከ300ው ቃላት ፋይል ወጥተው በዚህ ወር መነሻ ደመወዝን፣ ጠቅላላ ክፍያን፣ ግብር የሚከፈልበትን ገቢ፣ የተጣራ ተከፋይን፣ የአበል ዓይነቶችንና አምስቱን የመውጫ ክፍያዎች ብቻ ይፍቱ። አንድ የሒሳብ፣ አንድ የሰው ሀብትና አንድ የሕግ ሰው ይፈርሙበት፤ የመቀየር ሥልጣን ግን የአንድ ሰው ብቻ ይሁን፣ ሌላው ሁሉ ሐሳብ ያቀርባል። ከዚያ የደብዳቤ ናሙናዎቹንና የክፍያ ወረቀቱን አርዕስቶች በዚያው ቀን አብረው ይለውጡ። የክፍያ ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ብቻ መሆኑ መቅረት አለበት፤ ሶፍትዌሩ ሁለት አርዕስት የማይቀበል ከሆነ አማርኛውን በመጀመሪያ መስመር፣ እንግሊዝኛውን ከሥሩ አድርጋችሁ የኅትመት ቅጹን አስተካክሉ። የቀሩትን ቃላት በየሩብ ዓመቱ ጨምሩ፤ የግብር ወይም የጡረታ ሕግ ሲሻሻል ግን ሩብ ዓመቱን ሳትጠብቁ የሕጉን ቁጥር የያዙትን ረድፎች አጣርታችሁ በዚያው ሳምንት አርሟቸው።